ምልክቱ ሙሉ ኾኖ ሳለ ገንዘቡ ለምን አይሄድም?

የገበያ ቀን ነው። ከየቀበሌው የመጡ አርሶ አደሮች ጤፋቸውን፣ ባቄላቸውንና በጎቻቸውን ይዘው ረፋድ ላይ በወረዳዋ ከተማ ገበያ ደርሰዋል። ሁለት ኩንታል ጤፍ የሸጠ አንድ አርሶ አደር ክፍያው በሥልክ እንዲላክለት ከነጋዴው ጋር ተስማምቷል። በነጋዴው ሥልክ አናት ላይ የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነው። የክፍያ መተግበሪያው ግን ይዞራል፣ ይዞራል፤ በመጨረሻም መገናኘት እንዳልቻለ ያሳውቃል። ሻጩ ገንዘቡ ሳይገባለት እህሉን አያስጭንም፤ ገዥው ደግሞ የመጀመሪያው ክፍያ ሄዶ እንዳይኾን ሰግቶ ዳግም ለመላክ ይፈራል። ማምሻውን ገበያው ሲበተን ያው ሥልክ፣ እዚያው ቦታ ላይ ኾኖ፣ በሰከንዶች ውስጥ ይልካል።

ከዚያችው ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ያለው ችግር ሌላ ነው። እዚያ መጨናነቅ የለም። ምልክቱ ግን በጭንቅ አንድ ዘንግ ያሳያል፤ ቤት ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል፤ ደጅ ወጥተው ሲደውሉ አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። በሁለቱም ቦታ ያለው ሰው «ኔትወርክ የለም» ይላል። አባባሉ አንድ ይኹን እንጂ የመጀመሪያው ችግር የስፋት፣ ሁለተኛው የርቀት ነው። መንስኤያቸውም፣ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

የሞባይል ሥልክ ከሬዲዮ የተለየ ተዓምር የለውም። ማማው ላይ የተሰቀለው አንቴናም፣ በኪስ ያለው ሥልክም የሬዲዮ ሞገድ የሚልኩና የሚቀበሉ መሣሪያዎች ናቸው። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሁሉ የሞገዶችን ጠባይ በተግባር ያውቃል። የኤፍ ኤም ጣቢያ ከከተማው ወጥተው አንድ ሁለት ተራራ እንዳለፉ ይጠፋል፤ የመካከለኛ ሞገድ ስርጭት ግን ድምፁ የጠራ ባይኾንም ከሩቅ ይሰማል። ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት ድግግሞሹ፣ ማለትም ሞገዱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲርገበገብ 1 ሜጋ ኸርዝ ይባላል። ኤፍ ኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። የሞባይል ኔትወርክ ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎ በ800፣ በ900፣ በ1800፣ በ2100፣ በ2600 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። እነዚህ እያንዳንዳቸው «ባንድ» ይባላሉ።

ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ሞገዱ ያጥራል። የ900 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ አንዱ እርግብግቢት 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ማለት ነው። የ1800ው 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲኾን ከስንዝር ያንሳል። የ2600ው ደግሞ ከግማሽ ስንዝር አይበልጥም። ረጅሙ ሞገድ የኮረብታውን ጫፍ ጠምዘዝ ብሎ የማለፍ፣ የቤትን ግድግዳም ዘልቆ የመግባት ዕድሉ ይሻላል። አጭሩ ሞገድ ከጋራ ጀርባ ጥላ ይተዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ደንም ይበልጥ ያዳክመዋል። ቆርቆሮ ግን ለሁሉም ጠላት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ብረትን ዘልቆ ስለማያልፍ በቆርቆሮ በተከደነና መስኮቱ ጠባብ በኾነ ቤት ውስጥ ምልክቱ ሲጠፋ፣ ጥቂት ርምጃ ወጣ ብሎ በረንዳ ላይ ሲቆሙ የሚመለሰው ስለዚህ ነው።

ሜዳማ በኾነና ምንም በማይጋርድበት ቦታም ልዩነት አለ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ከፍተኛው ድግግሞሽ በአየር ላይ ቶሎ ስለሚደክም ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ለአጭር ሞገድ የተሠራው የሥልክ አንቴና ራሱ ትንሽ በመኾኑ ከሚመጣው ኀይል የሚቀልበው ጥቂቱን ነው። ድግግሞሹ በእጥፍ ሲያድግ፣ በተመሳሳይ ርቀት ላይ የሚቀለበው ኀይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚያገኘውን ያህል በ1800 ለማግኘት ሰውየው ርቀቱን በግማሽ መቅረብ ይኖርበታል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ማማው የሚሸፍነው የመሬት ስፋት አንድ አራተኛ ይኾናል። አንድ ማማ በዝቅተኛው ባንድ የሚሸፍነውን አካባቢ በዕጥፉ ድግግሞሽ ለመሸፈን አራት ማማ ያስፈልጋል እንደማለት ነው። እያንዳንዱ ማማ መንገድ፣ መብራት ወይም ጄኔሬተር፣ ባትሪና ጥበቃ ይሻል። ስለዚህ የገጠር ሽፋን በ800 እና በ900 ሜጋ ኸርዝ ላይ መመሥረቱ ስሌት ነው።

በርቀት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። ግንኙነት የሁለት ወገን ነው። ማማው በአሥር ዋቶች በሚቆጠር ኀይል ይናገራል፤ የ4ጂ ሥልክ ግን የሚመልሰው በ0.2 ዋት ብቻ ነው። በሁለተኛው ትውልድ፣ በ2ጂ፣ በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ተራ የእጅ ሥልክ እስከ 2 ዋት ሊልክ ይችላል። ሁለት ሰዎች በሸለቆ ማዶና ማዶ ኾነው ሲጠራሩ አንደኛው ጎላ ያለ ድምፅ፣ ሌላው ሰለል ያለ ድምፅ ቢኖረው የሚፈጠረው ይኸው ነው። ሥልኩ ማማውን ይሰማል፤ ምልክትም ያሳያል። ማማው ግን ሥልኩን አይሰማውም። «ምልክት አለ፤ ግን አይደውልም» የሚባለው የሩቅ ቀበሌ ችግር በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። በዚያው ቦታ ያረጀው ባለ ቁልፍ ሥልክ ሲደውል አዲሱ ስማርት ሥልክ የሚያቅተውም ለዚህ ሊኾን ይችላል። 2ጂ ቢኾንም ወሰን አለው። አሠራሩ የሥልኩ ምላሽ በተመደበለት ቅጽበት እንዲደርስ ስለሚያስገድድ፣ በተለመደው አቀማመጥ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ሥልክ ምልክቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢኾን አይስተናገድም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ርቀት ነው። የገበያው ችግር ግን ከዚህ ጋር አይያያዝም፤ ነጋዴው ማማው ሥር ነው ያለው።

ለዚህ መልስ ለማግኘት ስፋትን መመልከት ያስፈልጋል። 900 ሜጋ ኸርዝ ሲባል አንድ ቀጭን መስመር አይደለም፤ መነሻና መድረሻ ያለው ማሳ ነው። ሥልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት ክፍል ከ880 እስከ 915፣ ማማው ወደ ሥልኮች የሚልክበት ደግሞ ከ925 እስከ 960 ሜጋ ኸርዝ ነው። በየአቅጣጫው 35 ሜጋ ኸርዝ ብቻ አለ ማለት ነው። ይህችው ማሳ ለኦፕሬተሮች ትከፋፈላለች፤ እያንዳንዱ ኦፕሬተርም ድርሻውን ለ2ጂና ለሌሎቹ ትውልዶች ይሸነሽናል። የ1800ው ባንድ በአንጻሩ በየአቅጣጫው 75 ሜጋ ኸርዝ ይዟል። የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚመርጠው 3500 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ደግሞ ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ እስከ 100 ሜጋ ኸርዝ ሊደርስ ይችላል። ሩቅ የሚሄደው መሬት ጠባብ፣ ሰፊው መሬት ደግሞ ቅርብ ብቻ የሚደርስ ኾኖ ተገኝቷል። ኦፕሬተሮችን ሁሉ የሚያስጨንቀው ይህ ነው።

አንድ ኦፕሬተር በአንድ ቦታ ከባንዱ ላይ የሚጠቀምበት ቁራሽ ባንድዊድዝ ይባላል። ባንድዊድዝ የመስኖ ቦይ ስፋት ነው ቢባል አያሳስትም። በሰፊ ቦይ ብዙ ውኃ ይሄዳል፤ ቦዩ ግን ለአንድ ሰው የተቆፈረ አይደለም፤ በዚያ አቅጣጫ ያሉ ሁሉ ይካፈሉታል።

ይህ በድምፅ ጥሪ ላይ በግልጽ ይታያል። 2ጂ የሚጠቀምበት አንድ ቻናል 0.2 ሜጋ ኸርዝ ስፋት አለው። ይህ ቻናል በጊዜ ተቆራርሶ ለስምንት ይከፈላል። በአንድ አቅጣጫ ሁለት ቻናል የተመደበለት ማማ 16 ቁራሽ ጊዜ አለው፤ ከእነዚህ አንድ ሁለቱ ለጥሪ ማስተባበሪያ ይውላሉ፤ ቀሪው 14 ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ያነጋግራል። አሥራ አምስተኛው ሰው ምልክቱ ሙሉ ኾኖ ሳለ «መስመሩ ተይዟል» ይባላል። ኦፕሬተሮች አንዱን ቁራሽ ለሁለት ከፍለው ቁጥሩን ሊያሳድጉ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ጥራቱን ይቀንሳል። በገበያ ቀን የሰው ድምፅ ሻካራ ኾኖ የሚሰማው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

ለኢንተርኔቱ የገበያውን ምሳሌ በቁጥር መከተል ይቻላል። ማማው ከከተማዋ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ቆሟል እንበል። አንቴናዎቹ እንደተለመደው ወደ ሦስት አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ አንደኛው አቅጣጫ ገበያውንና ከገበያው ማዶ ያሉትን ቀበሌዎች ይሸፍናል። በዚያ አቅጣጫ ያለው 4ጂ በ800 ሜጋ ኸርዝ ባንድ ላይ 5 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ብቻ አለው። ቅርብና ሩቅ ያሉ ሰዎች ተቀላቅለው ሲጠቀሙ አንድ ሜጋ ኸርዝ በሰከንድ 1.5 ሜጋ ቢት ያህል ያስተላልፋል ብሎ ማስላት ይቻላል። አምስቱ በድምሩ 7.5 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይኾናሉ።

በስንዴ ማሳው ላይ ዋግ የታየበት አርሶ አደር የቅጠሉን ፎቶ ልኮለት፣ በከተማው ያለው የግብርና ባለሙያ ሊቀበል ቢፈልግ፣ ፎቶው 2 ሜጋ ባይት ከኾነ 16 ሜጋ ቢት ማለት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና። ማታ አምስት ሰው ብቻ ሲጠቀም ለእያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል፤ ፎቶው በ11 ሰከንድ ይገባል። በገበያ ቀን መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ግን ለአንዱ የሚደርሰው 0.075 ሜጋ ቢት ነው። ያው ፎቶ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። የገንዘብ ማስተላለፊያ መተግበሪያ የሚልከው መረጃ ከፎቶ እጅግ ያንሳል። ይሁንና ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ በየምልልሱ ወረፋ ሲጠብቅ የተፈቀደለት ጊዜ ያልቅና ያቋርጣል። ምልክቱ በዚህ ሁሉ መሐል አይቀንስም። ዘንጎቹ የሚለኩት የማማው ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ እንጂ፣ ስንት ሰው ወረፋ እንደያዘ አይደለምና።

አንድ ፍትሐዊ የማይመስል ነገርም አለ። ከማማው ርቆ በደካማ ምልክት የሚጠቀም ሥልክ፣ መረጃው እንዳይሳሳት ሲባል ማማው በዝግታና ብዙ መጠባበቂያ ጨምሮ ይልክለታል። ቅርብ ያለው ሥልክ በአንድ ሰከንድ የሚወስደውን እርሱ ብዙ ሰከንድ ይዞ ይወስደዋል። ያ ጊዜ ከሁሉም ሰው የጋራ ቦይ የተወሰደ ነው። ከገበያው ማዶ ባለ ቀበሌ አንድ ወጣት በአንድ ዘንግ ምልክት ቪዲዮ ሲያይ የገበያው ነጋዴም ይዘገያል።

አሁን ኦፕሬተሩ በዚያው ማማ ላይ በ1800 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው ሌላ 4ጂ ይጨምር። አዲሱ ሞገድ ማዶ ያሉትን ቀበሌዎች በወጉ አይደርስም፤ ገበያው ግን ከማማው 1.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ በደንብ ያገኘዋል። በስሌቱ መሠረት 30 ሜጋ ቢት ይጨመራል። ከመቶው ሰው 80ው የገበያው ሰው ወደ አዲሱ ቢዛወር ለእያንዳንዱ 0.375 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል። በቀድሞው ባንድ ላይ የቀሩት 20 የሩቅ ተጠቃሚዎችም 7.5ቱን ተካፍለው ያንኑ 0.375 ያገኛሉ። ለሁሉም አምስት እጥፍ ተሻሻለ። ቀበሌው የማያገኘው ባንድ ቀበሌውን ጠቀመ፤ ከተሜው ጠባቡን ቦይ ለቅቆለታልና። ይህ የሚኾነው ግን ሥልኮቹ ሁለቱንም ባንዶች የሚያውቁ ሲኾኑ ነው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሥልክ አዲሱ ቢተከልም ባለበት ይቀራል።

ሥልክ የሚገዛ ሰው ይህንን ከካርቶኑ ወይም ከመግለጫው ላይ ማየት ይችላል። በ4ጂ ዝርዝር ውስጥ B3 ማለት 1800፣ B7 ማለት 2600፣ B8 ማለት 900፣ B20 ማለት 800፣ B28 ማለት 700 ሜጋ ኸርዝ ነው። ለሌላ አህጉር ገበያ ተሠርቶ በሻንጣ የገባ ሥልክ ዋጋው የናረ ኾኖ B20 ወይም B8 ሊጎድለው ይችላል፤ ከተማ ውስጥ ፈጣን ኾኖ ገጠር ሲወጣ የሚደነቁረው ለዚህ ነው። ዝርዝሩን ሳያዩ መግዛት ዘሩን ሳይጠይቁ ምርጥ ዘር እንደመግዛት ይቆጠራል።

ችግሩ የርቀት ይኹን የስፋት ለመለየትም ባለሙያ መኾን አያስፈልግም። በብዙ አንድሮይድ ሥልኮች *#*#4636#*#* ሲጻፍ የሥልኩ መረጃ ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ ላይ የምልክቱ ጥንካሬ በ dBm ይነበባል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ምልክቱ ይጠነክራል። በ4ጂ -85 ጥሩ፣ ከ-110 በታች የወረደ ደካማ ነው። ቁጥሩ -85 አካባቢ ኾኖ ረፋድ ላይ ብቻ የሚዘገይ ከኾነ ችግሩ መጨናነቅ ነው፤ ሥልክ መቀየርም፣ ጣሪያ ላይ መውጣትም አይፈታውም። ቁጥሩ ሌሊትም ቀንም -115 ከኾነ ችግሩ ርቀት ወይም ግርዶሽ ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ይጠቅማል።

በመጨናነቅ ጊዜ ክፍያ ያለባቸው ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው። በቴሌብር *127# ብሎ የሚደረገው አሠራር የኢንተርኔቱን ቦይ አይጠቀምም፤ ጥሪ በሚስተባበርበት መንገድ አጫጭር ጽሑፎችን ብቻ ይለዋወጣል። ይህም መንገድ ሊጨናነቅ ቢችልም የሚፈልገው ስፋት እጅግ ትንሽ በመኾኑ፣ መተግበሪያው ሲዞር በዋለበት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

«ዝናብ ሲዘንብ ኔትወርክ ይጠፋል» የሚለው አባባልም መልስ ይሻል። ዝናብ በ800 ወይም በ1800 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በማማው ላይ የሚታዩት እንደ ከበሮ ያሉ ክብ አንቴናዎች ግን አንዱን ማማ ከሌላው የሚያገናኙ ሲኾኑ፣ ብዙዎቹ ከ10,000 ሜጋ ኸርዝ በላይ ባለ ድግግሞሽ ይሠራሉ። የዚያ ሞገድ ርዝመት ሦስት ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች በመኾኑ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል። ማማው ከሥልኮቹ ጋር ሳይኾን ከጀርባው ካለው ማማ ጋር ይቆራረጣል። ምልክት እያለ ምንም የማይሠራበት የክረምት ከሰዓት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሌላው የመብራት መቋረጥ ነው።

ስፔክትረም ሊመረት የማይችል ውስን ሀብት በመኾኑ በሕግ ይተዳደራል። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለኦፕሬተሮች ባንዶችን ይመድባል፤ አጠቃቀማቸውንም ይቆጣጠራል። በ2015 ዓ.ም ሁለተኛ ኦፕሬተር ወደ ሥራ ሲገባ ከአዲስ ማማዎች በተጨማሪ የራሱ የኾነ የስፔክትረም ድርሻ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ኦፕሬተር በአንድ ቦታ አንድ ቁራሽ ላይ ቢናገር ሁለቱም አይሰሙም።

በየከተማው ሱቆች «ኔትወርክ ማጉያ» ተብሎ ያለፈቃድ የሚሸጠው መሣሪያ የሚያመጣው ጉዳትም ከዚህ ይመደባል። መሣሪያው በጣሪያ ላይ አንቴና ይተክልና ምልክቱን አጉልቶ ወደ ቤት ያስገባል፤ የሥልኩንም ድምፅ አጉልቶ ወደ ማማው ይልካል። ርካሹ ዓይነት ግን የሚያጎላውን አይመርጥም፤ ጩኸቱንም ጭምር አጉልቶ በባንዱ ሁሉ ላይ ይለቃል። ማማው በአሥር ኪሎ ሜትር ርቀት በ0.2 ዋት የሚናገሩ ሥልኮችን ለመስማት ጆሮውን ያቀና ነው፤ ጎረቤት ያለው ጩኸት እነርሱን ይሸፍንበታል። የማጉያው ባለቤት ቤቱ ውስጥ ሙሉ ምልክት ያያል። በዚያው ቀን ማዶ ያሉት ቀበሌዎች ምልክት እያዩ መደወል ያቅታቸዋል። የኦፕሬተር ቴክኒሻኖች እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲደርሳቸው አቅጣጫ የሚለይ አንቴና በእጃቸው ይዘው፣ ጩኸቱ የሚበረታበትን ሰፈር፣ ከዚያም ጣሪያውን እስኪያገኙ ድረስ ከመንገድ መንገድ ይፈልጋሉ።